ከቅንፍ በፊት ማይነስ ሲመጣ ምልክት የሚበላሸው የት ላይ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአልጀብራ መግለጫ ማቃለል ላይ ነጥብ የሚያስጥለው አብዛኛውን ጊዜ ማባዛት አለመቻል አይደለም። ተማሪው 2 ጊዜ 5 አስር መሆኑን ያውቃል። የሚጠፋበት ከአስሩ ፊት የሚቆመው ምልክት ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አንዳንዶቹን የምንመልሰው በዚህች አንዲት መልመጃ ነው፦ 7 − 2(3x − 5)።

የመጀመሪያውን ተርም ሁሌ በትክክል እሠራለሁ። ሁለተኛው ላይ ለምን እሳሳታለሁ?

ምናልባት የጻፍከው ይህን ነው፦

7 − 2(3x − 5) = 7 − 6x − 10

−6x ትክክል ነው። −10 ግን ስህተት ነው፤ +10 መሆን ነበረበት። የሆነውን ቀስ ብለን እንየው። 2 ወደ ቅንፉ ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ አንዴ 3x ጋ፣ አንዴ 5 ጋ። ማይነሱ ግን የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 5 ጋ ስትደርስ ውጪ ያለውን ማይነስ ረስተህ፣ ቅንፉ ውስጥ ያየኸውን ማይነስ እንዳለ ገለበጥከው።

ይህ የሚመጣው ከአነባበብ ነው። አይናችን መልመጃውን «ሰባት ሲቀነስ፣ ሁለት ጊዜ ቅንፍ» ብሎ ያነበዋል። በዚህ አነባበብ አባዢው 2 ነው፤ ማይነሱ ደግሞ በ7 እና በቀሪው መካከል የቆመ አጥር ይመስላል። አባዢው ግን 2 ሳይሆን −2 ነው። ማይነሱ የ2 ነው፤ 2 በሄደበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ማባዛት ከመጀመርህ በፊት −2ን ከነምልክቱ በእርሳስ ክበበው። ቅንፉ ውስጥም እንዲሁ አድርግ። እያንዳንዱ ተርም በስተግራው ያለው ምልክት የራሱ ነው። 3x ከፊቱ ምንም ስለሌለ ፕላስ ነው። 5 ደግሞ −5 ነው። አሁን ሁለት ማባዛት ብቻ ቀረ፦

(−2)(3x) = −6x
(−2)(−5) = +10

7 − 6x + 10 = 17 − 6x

ግን ለምን +10 ይሆናል? «ማይነስ በማይነስ ፕላስ» ተባልን እንጂ ምክንያቱ አልተነገረንም።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሳይገባህ የሸመደድከው ሕግ ፈተና ላይ ይከዳሃል። በብር እንየው።

100 ብር ይዘህ ሱቅ ገባህ። የዕቃው ዋጋ 30 ብር ነው፤ ባለሱቁ 5 ብር ቀነሰልህ። የከፈልከው 30 − 5 ነው። በእጅህ የቀረው ደግሞ 100 − (30 − 5)፣ ማለትም 75 ብር። አሁን ሌላ አቆጣጠር እንሞክር። መጀመሪያ ሙሉውን 30 ብር ሰጠኸው፤ 70 ቀረህ። ከዚያ ባለሱቁ 5 ብር መለሰልህ፤ 75 ሆነ። ስለዚህ

100 − (30 − 5) = 100 − 30 + 5

ቅናሹ በአንተ ኪስ በኩል ሲታይ ጭማሪ ነው። 100 − 30 − 5 ብለህ ብትጽፍ 65 ይወጣል። ያ ማለት ባለሱቁ 5 ብር ቀነስኩልህ ብሎ 5 ብር ጨመረብህ ማለት ነው።

በብር ያላመነ ደግሞ ይህን ይመልከት። −2(5 − 5) ስንት ነው? ቅንፉ ውስጥ ያለው ዜሮ ስለሆነ መልሱ የግድ ዜሮ ነው። ቅንፉን ስንፈታው የመጀመሪያው ተርም −10 ይሆናል። ድምሩ ዜሮ እንዲመጣ ሁለተኛው ተርም ምን መሆን አለበት? ከ+10 ሌላ ምርጫ የለም። −10 ቢሆን ድምሩ −20 ይሆን ነበር። ስለዚህ ሕጉ አስተማሪ የፈለሰፈው ነገር አይደለም፤ ቅንፍ መፍታት እንዲሠራ ከተፈለገ ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው። ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ብራህማጉፕታ በ628 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሕግ በሀብትና በዕዳ ቋንቋ ጽፎታል፦ ዕዳ በዕዳ ሲባዛ ሀብት ይሆናል።

«ማይነስ በማይነስ ፕላስ» ብዬ −3 − 5 = 8 ጻፍኩ። ለምን ኤክስ ተደረገብኝ?

ሕጉ የማባዛት ስለሆነ ነው። −3 − 5 ውስጥ ማባዛት የለም። 3 ዕዳ ነበረብህ፣ 5 ተጨመረ፣ 8 ዕዳ ሆነ፤ መልሱ −8 ነው።

ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ቅንፉ በትክክል ከተፈታ በኋላ ነው። ለምሳሌ −2(x + 3) − 4 ተሰጠ። ተማሪው −2x − 6 − 4 ብሎ በትክክል ይፈታል። ከዚያ ሁለት ማይነስ ጎን ለጎን ሲያይ እጁ ይፈጥንና −2x + 10 ይጽፋል። ትክክለኛው −2x − 10 ነው። ቅንፉ ሲጠፋ የማባዛቱ ሕግ ሥራውን ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ያለው መደመርና መቀነስ ብቻ ነው።

ከቅንፉ በፊት ማይነስ ብቻ አለ፤ ቁጥር የለም። በምን ላባዛ?

በ−1። −(6 − x) ማለት −1(6 − x) ነው፤ ሲፈታ −6 + x ይሆናል። 1ን በእርሳስ ጻፋት፣ ስንፍና አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የተለየ ስህተት አለ። «ማይነስ ምልክት ይቀይራል» የሚለውን የሰማ ተማሪ ቅንፉ ውስጥ የሚታየውን ብቸኛ ምልክት ይቀይርና 6 + x ብሎ ያልፋል። 6 ፊት ምንም ምልክት ስላልተጻፈ የሚቀየር ነገር አልታየውም። ያልተጻፈው ፕላስም ግን ምልክት ነው። −(6 − x)ን እንደ −(+6 − x) አድርጎ ደግሞ መጻፍ ይህን ይፈታዋል።

መጀመሪያ 7 − 2ን ቀንሼ 5(3x − 5) ብለው ምን ችግር አለው?

2 የቅንፉ አባዢ ነው፤ ማባዛት ከመቀነስ ይቀድማል። 7 ለብቻው ቆሞ ይጠብቃል። ይህ በእርግጥ የምልክት ስህተት አይደለም፤ የቅደም ተከተል ነው። ግን መነሻው ያው ማይነሱን ከ2 ነጥሎ ማየት ነው። ከታች ደግሞ እንመለስበታለን፤ ምክንያቱም ይህ ስህተት አንዳንዴ ማረጋገጫን ያታልላል።

ረዘም ያለ ጥያቄ ከነሙሉ አሠራሩ ሊታይልን ይችላል?

ይኸው፦

4(2x − 1) − 3(x − 5) − (6 − x)

መጀመሪያ አባዢዎቹን ከነምልክታቸው እንለይ። +4፣ −3 እና −1 ናቸው። ከዚያ አንድ ቅንፍ በአንድ መስመር እንፍታ፦

```
+4(2x − 1)  →  +8x − 4
−3(x − 5)   →  −3x + 15
−1(6 − x)   →  −6 + x
```

አሁን እናሰባስብ። x ያለባቸው 8x፣ −3x እና +x ናቸው፤ ድምራቸው 6x። ቁጥሮቹ ደግሞ −4፣ +15 እና −6 ናቸው፤ ድምራቸው +5። መልሱ 6x + 5 ነው።

ሦስቱን ቅንፎች በሦስት መስመር መጻፉ ወረቀት ማባከን የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ምልክት የሚበላሸው በአንድ መስመር ላይ መፍታትና ማሰባሰብን አንድ ላይ ስንሞክር ነው ባይ ነኝ። ሁለቱን ሥራ መለያየት ብቻውን ብዙ ነጥብ ያድናል።

መልሴ ከመጽሐፉ መልስ ጋር አልገጠመም። ሁሉንም ከመደለዝ ስህተቱን የማገኝበት መንገድ አለ?

አለ። ብዙ ሰው ስለማይጠቀምበት ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንየው።

+15 መሆን የነበረበትን −15 ብለህ ብትጽፍ መልስህ ከትክክለኛው በስንት ይርቃል? በ15 አይደለም፤ በ30 ነው። መጀመሪያ የነበረውን 15 አጣህ፤ በላዩ ላይ ሌላ 15 ቀነስክ። የምልክት ስህተት ሁልጊዜ የተርሙን እጥፍ ያህል ያርቃል። ስለዚህ ልዩነቱን ወስደህ ለ2 ስታካፍል የተበላሸው ተርም ራሱ ይወጣል።

ከላይ ባለው ጥያቄ እንሞክረው። የመጽሐፉ መልስ 6x + 5፣ ያንተ ደግሞ 6x − 25 ነው እንበል። 6x ገጥሟል፤ እሱን ተወው። ከ5 እስከ −25 ያለው ልዩነት 30 ነው። ግማሹ 15። አሁን ሥራህ ውስጥ 15ን ፈልግ። የመጣው −3(x − 5)ን ስትፈታ ነው። ስህተቱ እዚያ አለ።

ሌላ ተማሪ 4x + 5 አመጣ እንበል። ቁጥሩ ገጥሟል፤ x ላይ ያለው ልዩነት 2x ነው። ግማሹ x። ብቻዋን የቆመች x ያለችው −(6 − x) ውስጥ ነው። −6 + x በማለት ፈንታ −6 − x ጽፏል።

ሁለቱንም የሳተ ደግሞ 4x − 25 ያመጣል። ልዩነቶቹ 2x እና 30 ናቸው። ግማሾቹ x እና 15። ሁለቱም ጥፋተኞች በአንድ ጊዜ ተያዙ።

ገደብ አለው። ልዩነቱ ጎደሎ ቁጥር ከሆነ፣ ለምሳሌ 7፣ ክፍልፋይ በሌለበት መልመጃ ላይ ችግሩ ምልክት ብቻ ሊሆን አይችልም። 3 ጊዜ 5ን 12 ብለህ ወይም አንድ ተርም ረስተህ ሊሆን ይችላል፤ ማባዛቱን ደግመህ እይ። ሁለት ቁጥሮች ላይ ምልክት ከሳትክ ደግሞ ልዩነቶቹ ተደምረው ወይም ተጣፍተው ስለሚመጡ ግማሹ ሥራህ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ያኔ መስመር በመስመር መፈተሽ ነው።

ፈተና ላይ መልስ የለም። እዚያስ በምን ላረጋግጥ?

በx ቦታ አንድ ቁጥር አስገባ። መጀመሪያ በተሰጠው ጥያቄ ላይ፣ ቀጥሎ በመልስህ ላይ። ሁለቱ እኩል ካልመጡ በእርግጠኝነት ተሳስተሃል። የረዥሙን ጥያቄ መልስ በx = 2 እንየው። 4(3) ሲሆን 12፤ −3(−3) ሲሆን +9፤ −(4) ሲሆን −4። ድምሩ 17 ነው። መልሳችን 6x + 5 ደግሞ 12 + 5፣ ያው 17። ገጠመ።

የምታስገባው ቁጥር ግን ዝም ብሎ አይመረጥም። ዜሮ ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይወደዋል፤ ሆኖም x ያለበትን ተርም ሁሉ ያጠፋዋል። 4x + 5 ያመጣው ተማሪ በዜሮ ቢያረጋግጥ 5 እና 5 ያገኝና ትክክል ነኝ ብሎ ወረቀቱን ያስረክባል።

2ም ቢሆን ሁሌ አይታመንም። 7 − 2(3x − 5) ላይ መጀመሪያ 7 − 2ን ቀንሶ 15x − 25 ያመጣውን ልጅ እናስታውስ። x = 2 ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ 7 − 2(1) = 5 ይሆናል። የእሱ መልስ 30 − 25፣ እሱም 5! የተሳሳተው መልስ አለፈ። ለምን? x = 2 ሲሆን ቅንፉ ውስጥ ያለው 1 ስለሚሆን ነው፤ 7 − 2 ጊዜ 1 እና 5 ጊዜ 1 በአጋጣሚ አንድ ናቸው። በ3 ቢሞክር ጥያቄው 7 − 2(4) = −1 ይሰጠዋል፤ የእሱ መልስ ደግሞ 45 − 25 = 20። ትክክለኛው 17 − 6x ግን 17 − 18 = −1 ብሎ ይገጥማል።

እንግዲህ ቅንፉን ዜሮ ወይም አንድ የማያደርግ ቁጥር ምረጥ። 3 ወይም 5 አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የተጠራጠርክ እንደሆነ በሁለት ቁጥር ሞክር።

ቅንፍ ሳይኖር ምልክት ሲበላሽብኝስ?

ክፍልፋይ ላይ ነው አይደል? የክፍልፋይ መስመር የተደበቀ ቅንፍ ነው። ይህን ተመልከት፦

```
5x     x − 3
──  −  ─────
2        2
```

ላይ ያሉትን አንድ ላይ ስትጽፍ 5x − x − 3 ካልክ ወደቅህ። ማይነሱ የሚቀንሰው x ብቻውን ሳይሆን x − 3ን በሙሉ ነው። ቅንፉን ራስህ ጻፈው፦ 5x − (x − 3)። ይህ 4x + 3 ይሆናል፤ መልሱም (4x + 3)/2 ነው። በx = 5 እናረጋግጥ። ጥያቄው 12.5 − 1 = 11.5። መልሱ 23/2 = 11.5። የተሳሳተው (4x − 3)/2 ግን 8.5 ይሰጣል።

ከማይነስ በኋላ ረዥም የክፍልፋይ መስመር ባየህ ቁጥር ሌላ ነገር ከማድረግህ በፊት ላዩን በቅንፍ አጥረው።

ቅንፍ ውስጥ ቅንፍ ሲኖርስ?

ከውስጥ ወደ ውጪ ውጣ። 5 − [2 − (x − 3)] ላይ መጀመሪያ ውስጠኛው ይፈታል፦ 2 − x + 3፣ ማለትም 5 − x። ከዚያ 5 − (5 − x) = 5 − 5 + x = x። ማይነሶቹን በአንዴ ልቁጠር ማለት ለለመደ ሰው ያስኬዳል፤ ለጀማሪ አልመክርም።

−(x + 2)(x − 3) ላይ ማይነሱን ለሁለቱም ቅንፍ ልስጥ?

አይሆንም። እዚህ ቅንፎቹ እርስ በርስ ይባዛሉ፤ ማይነሱም አንድ ብቻ ነው። ለሁለቱም ከሰጠኸው ሁለት ማይነስ ይሆንና ራሱን ያጠፋል። (−x − 2)(−x + 3) ሲባዛ x² − x − 6 ይመጣል፤ ማይነሱ የት እንደገባ አይታወቅም። ቅንፎቹን መጀመሪያ አባዛ፣ ውጤቱን በቅንፍ አኑር፣ ከዚያ ማይነሱን አስገባ፦ −(x² − x − 6) = −x² + x + 6።

ወላጅ ነኝ። ልጄ ምልክት ትስታለች። ሃምሳ ጥያቄ ባሠራት ይሻላታል?

መጀመሪያ የምትስተው ምን እንደሆነ ይወቁ። ሃምሳ ጥያቄ በተሳሳተ መንገድ መሥራት ስህተቱን ያጠነክረዋል። እነዚህን አምስት ብቻ፣ አንድ በአንድ እየጻፉ ይስጧት፦

```
1)  3(x + 4)
2)  3(x − 4)
3)  −3(x + 4)
4)  −3(x − 4)
5)  10 − 3(x − 4)
```

መልሶቹ በቅደም ተከተል 3x + 12፣ 3x − 12፣ −3x − 12፣ −3x + 12 እና 22 − 3x ናቸው።

ሦስተኛውን −3x + 12፣ አራተኛውን −3x − 12 ብላ ሁለቱን ካገለባበጠች፣ ማይነሱ የመጀመሪያው ተርም ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ከአባዢው ወደ እያንዳንዱ ተርም ቀስት እንድትስልና ቀስቱ ላይ −3 ብላ እንድትጽፍ ያድርጉ። ሦስተኛውን አግኝታ አራተኛውን ብቻ −3x − 12 ካለች ችግሩ ሌላ ነው። ውጪ ማይነስ ካለ ሁሉም ማይነስ ይሆናል ብላ ታስባለች። ለእሷ የሚያስፈልጋት ከላይ ያለው የባለሱቁ ሒሳብ ነው።

አራቱንም በትክክል ሠርታ አምስተኛው ላይ ብቻ −3x − 2 ካመጣች ደግሞ ሕጉን ታውቃለች። ያሳታት ከፊት የመጣው 10 ነው፤ ማይነሱን ከ3 ለይታ የመቀነስ ምልክት ብቻ አድርጋ አነበበችው። እንዲህ ከሆነ 10 + (−3)(x − 4) ብላ ደግማ እንድትጽፍ ይንገሯት። 7x − 28 ካመጣች 10 − 3ን ቀድማ ቀንሳለች፤ ያኛው የቅደም ተከተል ጉዳይ ስለሆነ ምልክት ላይ ጊዜ አያጥፉ።